ሁለንተናዊው ማሽን አልቆም ሲል

ስለ ቱሪንግ ማሽን የተማረ ሰው ይህ የቤት ሥራ ሳይደርሰው አይቀርም። የማንኛውንም ማሽን መግለጫ በኮድ የሚቀበልና ያ ማሽን የሚሠራውን ርምጃ በርምጃ እየተከተለ የሚሠራ አንድ ማሽን ሥሩ ይባላል። ሁለንተናዊው ማሽን ማለት ይህ ነው። እኛ U እንበለው።

U ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ አይቆምም። ችግሩ ግን U ጤነኛም ሆኖ ላይቆም ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የትኛው አለመቆም ስህተት፣ የትኛው ደግሞ ትክክለኛ እንደሆነ መለየት ነው። ይህ ጀማሪን ብቻ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። አላን ቱሪንግ በ1936 ያወጣቸው የሁለንተናዊው ማሽን ሠንጠረዦች ራሳቸው ስህተት ነበረባቸው፤ የሒሳብ ሊቁ ኤሚል ፖስት በ1947 እርማቱን አሳትሟል።

መፈተሻው

መፈተሻችን M የተባለች ትንሽ ማሽን ናት። ሥራዋ በቴፑ ላይ 1 መፈለግ ነው። ካገኘች q2 ወደሚባለው ሁኔታ ትገባና ትቀበላለች። ካላገኘች ባዶውን ሁሉ እያለፈች ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

ኮዱ ቀላል ነው። q1 አንድ ዜሮ፣ q2 ሁለት ዜሮ ነው። ከምልክቶቹ 0 አንድ ዜሮ፣ 1 ሁለት ዜሮ፣ ባዶው (B) ሦስት ዜሮ ይሆናል። ግራ (L) አንድ ዜሮ፣ ቀኝ (R) ሁለት ዜሮ ነው። በመሃላቸው 1 እንደ መለያ ይገባል።

```
δ(q1,0)=(q1,0,R)   0101010100
δ(q1,1)=(q2,1,R)   0100100100100
δ(q1,B)=(q1,B,R)   01000101000100
```

በትእዛዝና በትእዛዝ መካከል 11 ይገባል። የማሽኗ መግለጫ ሲያልቅ 111፣ ከዚያ ግብዓቱ ይከተላል። ግብዓቱ 01 ከሆነ ለU የሚሰጠው ይህ ነው (ክፍተቱ ለዓይን እንዲመች ብቻ ነው)፦

```
0101010100 11 0100100100100 11 01000101000100 111 01
```

U ሦስት ቴፕ አለው እንበል። አንደኛው ላይ ይህ ኮድ አለ። ሁለተኛው የM ቴፕ ግልባጭ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት በዜሮዎቹ ተጽፎ፣ በ1 ተለይቶ ይቀመጣል። ሦስተኛው M አሁን ያለችበትን ሁኔታ ይይዛል። U በየርምጃው ሁኔታውን ከሦስተኛው፣ ምልክቱን ከሁለተኛው ያነባል። ከዚያ በሁለቱ የሚጀምረውን ትእዛዝ አንደኛው ቴፕ ላይ ፈልጎ ይፈጽማል።

ለትንሽ ማሽን ይሠራል፣ 40 ሁኔታ ላላት ማሽን ግን አይሠራም

ምክንያቱ የM ሁኔታ በU የራሱ ሁኔታዎች ውስጥ መያዙ ነው። የU ሁኔታዎች ብዛት ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ የሚመጣለት ማሽን ግን የፈለገውን ያህል ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። መፍትሄው ሦስተኛው ቴፕ ነው። 40ኛው ሁኔታ 40 ዜሮ ሆኖ እዚያ ይጻፋል። ለምልክቶችም ያው ነው።

01 ሲሰጠው መቀበል ሲገባው አይቆምም

M 01ን በሁለት ርምጃ መቀበል አለባት። መጀመሪያ 0 ታያለች፣ ታልፋለች። ቀጥሎ 1 ታያለች፣ q2 ትገባለች፣ አለቀ። የእናንተ U ግን ሳይቆም ከቀጠለ ሁለተኛውን ቴፕ ተመልከቱ። ሳጥኖቹ በነጠላ ዜሮ እየተሞሉ፣ ሦስተኛው ቴፕ ደግሞ አንዲት ዜሮ ላይ ቆሞ ከቀረ ስህተቱ ማመሳከሩ ላይ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ርምጃ ላይ ሁኔታው 0፣ ምልክቱ 00 ነው። U ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር ያመሳክራል። ትእዛዙ ለምልክት የሚጠብቀው አንድ 0 ነው። U ያችን አንድ ዜሮ ከ00 የመጀመሪያ ዜሮ ጋር አገናኘና «ገጠመ» አለ። የተረፈችውን ዜሮ አላያትም። ስለዚህ 1ን እንደ 0 ቆጥሮ፣ 0 ጽፎ ወደ ቀኝ ሄደ። ቀጥሎ ባዶው 000 መጣ። እሱም በዜሮ ስለሚጀምር ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር «ገጠመ»። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም።

መፍትሄው ማመሳከሩን መለያው 1 እስኪደርስ መቀጠል ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ወደ መለያው ካልደረሱ አልገጠሙም፤ ወደሚቀጥለው 11 ማለፍ ነው። ለሁኔታውም ለምልክቱም ይህን አድርጉ። አንዱን አርሞ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ያልተነካው ጎረቤት ሳጥን ይለወጣል

0 በ1 ሲተካ አንድ ዜሮ ወደ ሁለት ያድጋል። ቦታ ሳይለቀቅለት ከተጻፈ መለያውን ይደመስሳል፣ ጎረቤቱም ይበላሻል። መፍትሄው ከሳጥኑ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ለዚሁ ወደሚጨመር አራተኛ መጻፊያ ቴፕ ገልብጦ፣ አዲሱን ምልክት ጽፎ፣ የተገለበጠውን ከኋላው መመለስ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት በእኛ M አታገኙትም። M ያየችውን መልሳ ነው የምትጽፈው። 0ን ወደ 1 በምትቀይር ማሽን ፈትሹ።

ሁሉም ታረመ፣ 00 ሲሰጠው አሁንም አይቆምም

አሁን ስህተት የለም። M ራሷ 00 ላይ አትቆምም፤ U ታማኝ ሆኖ ተከትሏታል። ከቀደመው ስህተት የሚለየው ሁለተኛው ቴፕ ነው። እዚህ ከግብዓቱ በኋላ ያሉት ሳጥኖች 000 እንደሆኑ፣ ማለትም ባዶ እንደሆኑ ይቆያሉ።

ይሄኔ ብዙ ሰው «የተደገመ ነገር ካየህ አቁም» የሚል ክፍል ይጨምራል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን የሚሠራበት ቦታ ውስን ነው። የሚደገመው መላው ይዞታ መሆን አለበት፤ ሁኔታው፣ የቴፑ አንባቢ ያለበት ቦታና የቴፑ ይዘት አንድ ላይ። አንባቢው ከ4 ሳጥን እንደማይወጣ ካወቅን፣ በ2 ሁኔታና በ3 ምልክት የሚቻሉት ይዞታዎች 2 × 4 × 81፣ ማለትም 648 ናቸው። 648 ርምጃ ሄዶ ካልቆመ አንዱ ይዞታ ተደግሟል፣ ለዘላለምም አይቆምም። M ግን 00 ላይ በየርምጃው አዲስ ሳጥን ትረግጣለች። የሷ ይዞታ መቼም አይደገምም፣ ጠቋሚው ክፍልም መቼም አይጮህም።

ለቤት ሥራው የሚበቃው መፍትሄ የርምጃ ገደብ ነው። መልሱ ግን ሦስት ዓይነት ይሁን፦ ተቀበለ፣ ሳይቀበል ቆመ፣ ገና አልታወቀም። ሦስተኛውን «አይቀበልም» ብሎ መተርጎም ውሸት ነው።

«U ስለማይቆም፣ ማሽን ግብዓቷን ትቀበል እንደሆነ የመለየት ችግር አይወሰንም» የሚል መልስ ነጥብ አያገኝም

ፈተና ላይ ይህ ይበዛል። የU አለመቆም የሚያሳየው U ሁልጊዜ ቆሞ የሚወስን ማሽን አለመሆኑን ብቻ ነው። ሌላ ብልህ ማሽን፣ H እንበለው፣ ሳይከተል አስቀድሞ ቢያውቅስ? ያን መዝጋት ያስፈልጋል።

H አለ እንበል። የማሽን ኮድና ግብዓት ይቀበላል፣ ሁልጊዜ ይቆማል፣ «ትቀበላለች» ወይም «አትቀበልም» ይላል፣ አይሳሳትም። አሁን D የሚባል ማሽን እንሥራ። D የአንድ ማሽን ኮድ ይቀበልና H ን ይጠይቃል፦ ይህች ማሽን የራሷ ኮድ ቢሰጣት ትቀበላለች? መልሱን ገልብጦ ያደርጋል። M ን እንመልከት። ኮዷ በ01 ስለሚጀምር ሁለተኛው ርምጃ ላይ ትቀበላለች። H «ትቀበላለች» ይላል፤ D አይቀበልም። እስከዚህ ሰላም ነው።

D ም ማሽን ነው፤ ኮድ አለው። ያንን ኮድ ለራሱ ስጡት። D ከተቀበለ፣ የተቀበለው H «አይቀበልም» ስላለ ነው፤ H ተሳሳተ። ካልተቀበለ ደግሞ H «ይቀበላል» ብሎ ነበር፤ አሁንም ተሳሳተ። የD ሥራ ጥያቄና መገልበጥ ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን ከH ውጪ የምንጥልበት የለም። ስለዚህ H የለም።

«በH ፈንታ U ን ባስገባስ? U እኮ አለ!»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም ነገሩ በደንብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ማሽን E እንበለው። E የመጣለትን ኮድ እንደ ማሽንም እንደ ግብዓትም ለU ይሰጣል፣ U ሲቆም መልሱን ይገለብጣል። የራሱን ኮድ ስንሰጠው ምን ይሆናል?

U E ን መከተል ይጀምራል። የሚከተለው E ደግሞ በውስጡ U ን ያስነሳል፣ እሱም E ን መከተል ይጀምራል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መገልበጡ ጋ አይደረስም። ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። E በt ርምጃ ይቆማል እንበል። ከመቆሙ በፊት ግን U እነዚያን t ርምጃዎች አንድ በአንድ መከተል አለበት፣ ከዚያ መልሱን መገልበጥ አለ። ስለዚህ የE ርምጃ ከt ይበልጣል። t ከt አይበልጥም፤ እንግዲያው E አይቆምም። ተቃርኖ ግን የለም፤ U ሁልጊዜ እቆማለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ቱሪንግም በ1936 ያሳየው መጣበቅ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የሱ ማሽን የራሱ ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚጽፈውን አሃዝ ለማግኘት ራሱን መከተል ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

«ታዲያ ማስረጃው U ን ካልተጠቀመ U ለምን አስፈለገ?»

ልክ ናችሁ፣ H አለመኖሩን ለማሳየት የበቃን ማሽን በኮድ መጻፉ ነው። U የሚሰጠው ሌላውን ግማሽ ነው። M ግብዓቱን የምትቀበል ከሆነ U አንድ ቀን ይደርስበታል፣ አዎ ይላል። «አዎ» የሚሉትን በሙሉ የሚይዝ ማሽን አለ ማለት ነው።

የማይቀበሉትን ሁሉ፣ የማይቆሙትንም ጨምሮ፣ የሚይዝ V የሚባል ማሽንስ? ቢኖር ኖሮ U ን አንድ ርምጃ፣ V ን አንድ ርምጃ እያፈራረቅን እናስኬዳቸው ነበር። ለማንኛውም ማሽንና ግብዓት ከሁለቱ አንዱ መቀበሉ አይቀርም፤ ቀድሞ የተቀበለው መልሱን ይነግረናል። ያ ደግሞ H ነው። H ስለሌለ V የለም። M ን 00 ላይ የሚይዝ ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው፤ የማይቀበሉትን ሁሉ ሳያስቀር፣ የሚቀበለውንም ሳይነካ የሚይዝ ግን አይጻፍም።