አሳሹ ብቻ ሲያስቸግር የተረሳ የፕሮክሲ ቅንብር መኖሩን ይመልከቱ

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ወይም ኤጅ ERR_PROXY_CONNECTION_FAILED የሚል መልእክት እያሳየ ማንኛውንም ድረ ገጽ አልከፍት ካለ፣ ግንኙነትን የሚፈትሸው የፒንግ ትእዛዝ ግን ምላሽ የሚያገኝና ሌሎች ፕሮግራሞችም ያለችግር የሚገናኙ ከሆነ፣ ራውተሩን እያጠፉ ማብራት ከንቱ ድካም ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ የቪፒኤን ወይም የማስታወቂያ ማገጃ ፕሮግራም ሲወገድ ትቶት የሄደው የፕሮክሲ፣ ማለትም አሳሹ ጥያቄውን በቀጥታ ሳይሆን በእርሱ በኩል የሚልክበት መካከለኛ አገልጋይ፣ አድራሻ ነው። ለምሳሌ 127.0.0.1 እና ፖርት 8080 በቅንብሩ ውስጥ ተጽፈው ከቀሩ፣ አሳሹ ጥያቄውን ሁሉ ወደዚያው ወደ ራሱ ኮምፒውተር ይልካል፤ በፖርቱ ላይ የሚቀበለው ፕሮግራም ስለሌለም ግንኙነቱ ሳይጀመር ይቋረጣል። ፒንግና ይህን ቅንብር የማያነቡ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ ስለሚወጡ ችግሩ አይነካቸውም።

መፍትሔው በ Settings ውስጥ Network & internet፣ ቀጥሎም Proxy የሚለውን ከፍቶ Use a proxy server የሚለውን ማጥፋት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ቅንብሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ቅንብር ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው ይታያል። ያጠፉት ቅንብር ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሳ ተመልሶ ከበራ፣ አድራሻውን የሚጽፈው ፕሮግራም አሁንም እየሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች መመርመርና ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ያስፈልጋል።