ጃፓን ውስጥ በባቡር ስትሄዱ ትኬቱን አትቆራርጡት

ከደሴም ከኮምቦልቻም ለካይዘን ስልጠና ምናምን ጃፓን የምትሄዱ፣ ከቶኪዮ ኦሳካ እየሄዳችሁ መሀል ናጎያ ወርዳችሁ ፋብሪካ የምታዩ ከሆነ መደበኛውን ትኬት ለሁለት ቆርጣችሁ አትግዙ። የጃፓን ባቡር ድርጅቶች፣ የጄአር፣ ሂሳብ ሁለት ነው፣ አንዱ በኪሎሜትር እርከን የሚሰላው መደበኛ ትኬት ሌላው ሺንካንሰን ለሚባለው ፈጣን ባቡር የሚጨመረው። መደበኛውን በወረቀት ቀጥታ እስከ ኦሳካ አውጡት፣ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ መሀል ላይ ወርዶ መቀጠል ይፈቀዳል፣ 4 ቀን ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ባለው ታሪፍ 8,910 የን ነው። ናጎያ ላይ ለሁለት ከቆረጣችሁት ግን 6,380 ሲደመር 3,410፣ 9,790 ገባ ማለት ነው። ርቀቱ ሲረዝም የኪሎሜትሩ ዋጋ እየረከሰ ስለሚሄድ ሁለት ትኬት ስትገዙ ከውዱ እርከን ሁለቴ ትጀምራላችሁ። ናጎያ ስትወጡ ማሽኑ መደበኛውን ትኬት ይመልሰዋል፣ ጥላችሁት እንዳትሄዱ!

የሺንካንሰን ጭማሪው ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ከበሩ ከወጣችሁ አለቀ፣ ስለዚህ እሱን እስከ ናጎያ እና ከናጎያ ብላችሁ ለየብቻ ግዙት። በአፕ የሚሸጠው ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ትኬትም መሀል ላይ መውረድ አይፈቅድም።

በነገራችን ላይ ሰንራይዝ በሚባለው የሌሊት ባቡር ለአልጋ ሌላ ጭማሪ አለ፣ ኖቢኖቢ የሚሉት ምንጣፍ ላይ የሚተኛበት ቦታ ግን እንደ መቀመጫ ስለሚቆጠር የአልጋው ሂሳብ አይነካችሁም፣ ፍራሽ ግን አትጠብቁ።