የኢራኑ ኢንጂነር ሲቪ በእንግሊዝኛ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ከቴህራን ወይም ከኢስፋሃን ሆነው ጀርመንና ካናዳ ሥራ የሚያመለክቱ ኢንጂነሮች ከፋርስኛ ያስተረጎሙት ሲቪ እጄ ይገባል። የፊደል ግድፈቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ፣ እሱን ልለፈው።

ምልክቱ፦ በሁለት ሥራዎች መሃል ባለቤቱ የማያውቀው ክፍተት ይታያል።

መንስኤው፦ ካላንደር። መቼም የማያልቅ ጣጣ ነው። የኢራን ዓመት የሚጀምረው ማርች 20 ወይም 21 ላይ በኖውሩዝ ነው። ተርጓሚው ግን ዓመቱ ላይ 621 ይደምርና የወሩን ቁጥር እንዳለ ይተወዋል። አንድ ልጅ ከመህር 1 ቀን 1395 እስከ ባህማን 20 ቀን 1398 አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ሠርቶ፣ በቀጣዩ ወር ኢስፋንድ 1 ሌላ ጋ ገባ። መህር 7ኛ ወር ስለሆነ ጁላይ 2016 ተባለ፣ ባህማን 11ኛ ስለሆነ ኖቬምበር 2019። አዲሱን ሥራ ራሱ በትክክል ፌብሩዋሪ 2020 ብሎ ጻፈው። በቃ፣ አሥር ቀን እንኳ በቅጡ ያላረፈ ሰው ሦስት ወር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሰለ! ትክክለኛው ሴፕቴምበር 22 ቀን 2016 እና ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020 ነበር።

መፍትሄው፦ ከኖውሩዝ እስከ አሥረኛው ወር፣ እስከ ዴይ 10 ወይም 11 ድረስ፣ 621 ደምሩ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 622። እኛ እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደምንደምረው ማለት ነው። ወሩን ግን በግምት አትቀይሩ፣ ሙሉውን ቀን ካላንደር መቀየሪያ ላይ አስገቡት። ፋርስኛው ላይ ወር ብቻ ከተጻፈ ባለቤቱን ቀኑን ጠይቁት፣ ምክንያቱም አንድ የኢራን ወር ሁለት የፈረንጅ ወር ላይ ይወድቃል። ከዚያ ከማኅበራዊ ዋስትናው መዝገብ ጋር አስተያዩት። እሱን ሕጋዊ ተርጓሚ በትክክል ቀይሮት ሲቪው ሌላ ከተናገረ፣ ቀጣሪው ሰውየውን ውሸታም ነው የሚለው። የዲፕሎማው ቀንም እንዲሁ። ኧረ የልደቱም!

ምልክቱ፦ ገና ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ «ኤክስፐርት» ተብሏል። ፋርስኛው «ካርሼናስ» ነው፣ እዚያ ዲግሪ ይዞ የተቀጠረ ተራ ባለሙያ ማለት ነው። የሠራውን ሥራ ስም ጻፉለት፦ ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ሳይት ኢንጂነር።

ምልክቱ፦ የማመልከቻ ደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው። በፋርስኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሄ ጨዋነት ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን ቀጣሪው ገና ምንም ሳያገኝ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። ቆርጣችሁ ጣሉት። የሥራ መደቡን ስም፣ ቀጥሎ ልጁ ያስረከበውን አንድ ፕሮጀክት አስገቡ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሴቷ «እሱ» ከተባለች አትደንግጡ። ፋርስኛ በተውላጠ ስም ጾታ አይለይም፣ ተርጓሚው ገምቶ ነው። ከፓስፖርቷ አይታችሁ አርሙ፣ የስሟንም ፊደል በዚያው እንደ ፓስፖርቱ አድርጉት።