የመጀመሪያ የሥራ ቀን ፎቶ ሥር ምን ይጻፍ?

አዲስ ሥራ የጀመራችሁ ዕለት ፎቶ ስትለጥፉ ጽሑፉ ጉራ እንዳይመስል የሥራ መደቡን ስም ተዉትና በዚያ ቀን ብቻ የሆነ አንድ ትንሽ ነገር ጻፉ። ደግ የሆነላችሁ ሰው ካለም አስገቡት።

አንዷ ጓደኛዬ ባሕር ዳር ሥራ ስትጀምር «በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠርኩ፤ ተመስገን» ብላ ነበር። አጥፍተን እንዲህ አደረግነው፦

«ከአባይ ማዶ በባጃጅ ስመጣ ድልድዩ ላይ ብቻ ሦስቴ ሰዓቴን አየሁ። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ፤ ጥበቃው ጋሼ ሳቁና ወንበር ሰጡኝ። የመጀመሪያ ቀን፣ ተመስገን።»

«በጣም ደስ ብሎኛል» የሚል ቃል የለበትም፤ ሰዓት ደጋግማ ማየቷ ጉጉቷን ይናገራል። አንባቢውም የራሱን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳል እንጂ ደረጃዋን ከራሱ ጋር አያስተያይም። «ተመስገን» እዚህ ከልብ ነው፤ ማዕረግ ተከትሎ ሲመጣ ግን ጉራ መሸፈኛ ይመስላል (ሁላችንም አድርገነዋል)።

ሊንክድኢን ላይ ግን ይህን አትጠቀሙ፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው የመደቡንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የትም ብትለጥፉ አንገታችሁ ላይ ያለው የሥራ መታወቂያ ፎቶው ውስጥ እንዳይነበብ ገልብጡት።