ባዶ ሀይላንድ ሰብስቦ መሸጥ፦ ከአንድ ኩንታል እጅ ላይ የሚቀረው ስንት ነው?

ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ስትሸጡ የሚከፈላችሁ በኪሎ ነው። ለማጓጓዝ የምትከፍሉት ግን በማዳበሪያ ብዛት ነው። በዚህ ሥራ ገብተው የከሰሩ ብዙዎች የከሰሩት በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው። ሀይላንድ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል። አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ሙሉ ያልተጨፈለቀ ሀይላንድ ሦስት ኪሎ ቢመዝን ነው። የባጃጁ ሹፌር ደግሞ ሦስት ኪሎ ነው ብሎ አይቀንስላችሁም።

ባሕር ዳር ላይ ከብረት፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ ብዙ ሰው የሚጀምረው በሀይላንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችና መናፈሻዎች፣ የጥር ሰርግ፣ ጥምቀት፣ የጀልባ መነሻዎቹ፣ ሁሉም በየቀኑ ያወጡታል። ስለዚህ እዚህ የምናወራው ስለ ሀይላንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ተረካቢውን አነጋግሩ

ዕቃ ሳትይዙ ሂዱ። ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ክዳኑን ጨምሮ ይወስዳል ወይስ ተነቅሎ ነው የሚፈልገው? ስም ያለበት ልጣፍ መላጥ አለበት? ባለቀለሙን በስንት ይወስዳል? የዘይት ፕላስቲክስ? ከስንት ኪሎ በታች አይረከብም? ዋጋውን ትርጉም የሚሰጡት እነዚህ መልሶች ናቸው። ሁለት ብር ከፍ አድርጎ የሚገዛው ሰው ክዳን የማይቀበል ከሆነ፣ ሁለት ብሩ ሥራችሁን ላይከፍል ይችላል።

ክዳኑን የሚጠላበት ምክንያት አለው። ጠርሙሱና ክዳኑ የተለያዩ ፕላስቲኮች ናቸው። ክዳኑን ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ቁራጭ ግን ይሰምጣል። ጠርሙሱ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ክዳኑና ልጣፉ ከዚያ ቀድመው ስለሚቀልጡ አብረው ከገቡ ምርቱን ያበላሹታል።

የባሕር ዳር ዋጋ ከአዲስ አበባው ያነሰ ቢሆን አትገረሙ። ተረካቢው ዕቃውን አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ያስጭናል። የጭነቱን ወጪ የሚያወጣው ከእናንተ ዋጋ ላይ ነው።

ከየት ትሰበስባላችሁ?

ሐይቁ ዳር ተንሳፍፎ የሚታየው ሀይላንድ ያጓጓል። ነገር ግን ከሁሉም የማያዋጣው እሱ ነው። ክዳኑ ከሌለው ውስጡ ደለል ይገባበታል፣ ያንን አጥቦ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበላል። ብዙ ወር ፀሐይ የመታው ደግሞ ይወይባል። ስትጨፈልቁት እንደመታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰነጠቀ አትያዙት፣ ተረካቢው ይጥለዋል። የሐይቁን ዳር ለማጽዳት ብላችሁ ከሰበሰባችሁ ደግ ነው። ትርፍ ብላችሁ ከሆነ ግን አትድከሙበት።

የሚያዋጣው በዚያው ቀን ተጠጥቶ የተጣለው ነው። ሆቴል፣ የሰርግ አዳራሽ፣ ካፌ። እዚያ ግን ባዶው ሀይላንድ ባለቤት አለው። አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም የዘበኛው ጥቅም ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻ ተነጋግሮ የሷን ገቢ መውሰድ ነውርም ነው፣ ኪሳራም ነው። በማግስቱ ሀይላንዱ ከምግብ ትራፊ ጋር ተደባልቆ ይጠብቃችኋል። ከሷ ጋር ተስማሙ፣ በኪሎ ክፈሏት፣ ሚዛኑንም ፊቷ አድርጋችሁ አሳዩአት።

ስትቀበሉ አሽትቱ። በየመንገዱ ቤንዚን በሀይላንድ ስለሚሸጥ፣ ቤንዚን የሸተተውን ለብቻ አውጡ። ከዕቃው ጋር ቤታችሁ ከተከመረ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። የሰብል መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስና ጀሪካን ደግሞ ጭራሽ አይገዛም፣ ታጥቦም ቢሆን። ጓንት ያስፈልጋል። የተሰበረ ብርጭቆና መርፌ ከውስጡ አይጠፋም።

መለየትና መጨፍለቅ

አራት ማዳበሪያ ክፈቱ። አንዱ ጥርት ላለው ነጭ ሀይላንድ፣ አንዱ ባለቀለም ለሆነው፣ አንዱ ለዘይት ፕላስቲክ፣ አንዱ ለክዳንና ለሌላው ጠንካራ ፕላስቲክ። ከተጠራጠራችሁ የጠርሙሱን ቂጥ እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ካለ የምትፈልጉት ዓይነት ነው። ፌስታልና የሚጣል ኩባያ ግን ማዳበሪያው ውስጥ አይግባ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑን ንቀሉ፣ የቀረውን ውሃ ድፉ፣ ልጣፉን ላጡ፣ ጠርሙሱን አጋድማችሁ በእግራችሁ ጨፍልቁ። ከላይ ወደ ታች ከረገጣችሁት መልሶ ይነፋል፣ በጎኑ ከረገጣችሁት ግን ተኝቶ ይቀራል። በዚህ መንገድ ማዳበሪያው ሦስት ኪሎ መያዙ ቀርቶ ስድስት ኪሎ ገደማ ይይዛል።

አሁን ስሌቱ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። ዋጋ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣልና የራሳችሁን አስገቡበት።

ሰፈራችሁ ድረስ የመጣ 100 ኪሎ ያልተለየ ሀይላንድ በ12 ብር ገዛችሁ እንበል። 1,200 ብር ወጣ። ስትለዩት ስድስት ኪሎው ውሃና አሸዋ ሆኖ ይቀራል። አምስት ኪሎው የማይረከቡት ነው። አስር ኪሎው ክዳንና ልጣፍ ነው። የሚሸጥ ንጹሕ ሀይላንድ የቀራችሁ 79 ኪሎ ነው። ይህን በ20 ብር ስትሸጡት 1,580 ብር ይሆናል። ከክዳኑ ስምንት ኪሎ በ12 ብር ቢሸጥ 96 ብር ይጨምራል። ድምሩ 1,676 ነው። የግዢውን ስትቀንሱ 476 ብር ይተርፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «አተረፍኩ» ይላል። ዕቃው ግን ገና አልተጓጓዘም።

ሳይጨፈለቅ ከሆነ 79 ኪሎው 27 ማዳበሪያ ይሞላል። ባጃጅ በአንድ ጉዞ ሰባት ቢጭንና 150 ብር ቢጠይቅ፣ አራት ጉዞ 600 ብር ነው። ትርፉ ጠፍቶ 124 ብር ከኪስ ይወጣል። ተጨፍልቆ ከሆነ 14 ማዳበሪያ ነው። በባጃጅ ሁለት ጉዞ፣ 300 ብር። ጋሪ አግኝታችሁ በገመድ አጥብቃችሁ አንዴ በ200 ብር ከወሰዳችሁት ደግሞ የተሻለ ነው። ማዳበሪያውም ይቀደዳል። አንዱ 30 ብር ቢሆንና አስር ጊዜ ቢያገለግል፣ ለዚህ ጉዞ ወደ 42 ብር ይታሰባል። በጋሪው ስሌት እጃችሁ ላይ የቀረው 234 ብር ነው።

አሁን ድካሙን እዩት። የግማሽ ሊትር ባዶ ጠርሙስ 15 ግራም ገደማ ነው። 79 ኪሎ ማለት ከ5,200 በላይ ጠርሙስ ነው። አንዱን ለመክፈት፣ ለመላጥና ለመጨፍለቅ ስምንት ሰከንድ ቢፈጅ ወደ 12 ሰዓት ሥራ ነው። 234 ብሩን ለ12 ሰዓት ስታካፍሉት ለሰዓት 20 ብር አይሞላም። ባለ ሁለት ሊትሩ የሚወደደው ለዚህ ነው። ለአንድ ኪሎ የሚነካው ጠርሙስ ከግማሽ በታች ነው።

ክዳን የነቀለውን ሰው ክፈሉት

ከላይ ያለውን ስሌት ገልብጡት። 1,200 ብር ከፍላችሁ ከክዳኑ 96 ካገኛችሁ፣ 79 ኪሎው ንጹሕ ዕቃ የፈጀው 1,104 ብር ነው። አንዱ ኪሎ 14 ብር ገደማ ማለት ነው፣ ያውም የእናንተ ድካም ሳይታሰብ። ስለዚህ ለሚያቀርቡላችሁ ሰዎች ሁለት ዋጋ ንገሯቸው። እንዳለ ከሆነ 12፣ ክዳኑ ተነቅሎ ልጣፉ ተልጦ ተጨፍልቆ ከመጣ 15።

በ15 ብር 79 ኪሎ ስትገዙ 1,185 ይወጣል፣ 395 ይተርፋል። ጋሪና ማዳበሪያ ሲቀነስ 153 ብር ነው። ከ234 ያንሳል። ሥራው ግን መመዘን፣ ማየትና መጫን ብቻ ስለሆነ ሦስት ሰዓት አይፈጅም። ለሰዓት 50 ብር ገደማ ይደርሳል፣ በቀንም ሁለት ጭነት ማድረስ ትችላላችሁ። ሆቴል ያለችው እህት ደግሞ ጠርሙሱን ከጠረጴዛ ስታነሳ ክዳኑን እዚያው ብትነቅል ያን ያህል አይከብዳትም። የሦስት ብሩ ጭማሪ ለሷም ገንዘብ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ አቅራቢ ስትገዙ ግን እጃችሁን ማዳበሪያው መሃል ድረስ አስገቡ። ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ ውሃ ያዘለ ሊሆን ይችላል። በጥርጣሬ ጊዜ ዘርግፋችሁ ተቀበሉ።

ሚዛን

የራሳችሁ ተንጠልጣይ ሚዛን ይኑራችሁ። ልክ መሆኑን ለማወቅ ያልተከፈተ ባለ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የስድስት እስሩን ስቀሉበት። ከ12 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ማሳየት አለበት። ተረካቢው ዘንድም ከመውረዱ በፊት የእያንዳንዱን ማዳበሪያ ኪሎ በደብተር ይዛችሁ ሂዱ። በ14 ማዳበሪያ ላይ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ሰባት ኪሎ ነው፣ 140 ብር። ከ234ቱ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። «የማዳበሪያው ክብደት» ተብሎ ግማሽ ኪሎ ሲቀነስባችሁም ዝም አትበሉ። ባዶውን ማዳበሪያ እዚያው ሚዛን ላይ አውጡት፣ ከ200 ግራም አይበልጥም።

ማስቀመጥ

መንገድ ሲዘጋ ወይም የጭነት መኪና ሲጠፋ ተረካቢው መግዛት ያቆማል፣ ወይም ዋጋ ይጥላል። ሀይላንድ አይበሰብስምና መጠበቅ ይቻላል። ቢሆንም ከጣሪያ ሥር አስቀምጡት። ሜዳ ላይ የተከመረ ማዳበሪያ ፀሐይ ያነደደው እንደሆነ በወራት ውስጥ እያነሳችሁት እጃችሁ ላይ ይቀደዳል። ክረምት ላይ የተጨፈለቀው ውስጥ ዝናብ ይጠራቀማል፣ ተረካቢውም እንደ እርጥብ ቆጥሮ ይቀንስበታል። ለቤት ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ለስንት ሳምንት መያዝ እንደምትችሉ ቀድማችሁ አስሉ። ከአንድ ጭነት 153 ብር የሚተርፈው ሰው፣ ለማከማቻ በወር 600 ብር ቢከፍል የአራት ጭነት ትርፍ ለክፍሉ ብቻ ሄደበት።