ባለብዙ ዓምድ የጋዜጣ ፒዲኤፍ የንባብ ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ ወደ ጽሑፍ እንዴት ይቀየራል?

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት በብዛት ከሚመጡልን ሥራዎች አንዱ በቴሌግራም የተላከ የጋዜጣ ፒዲኤፍ ይዞ፣ ከውስጡ የጨረታ ማስታወቂያዎቹን በጽሑፍ አውጥቶ ማስረከብ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ባለአራት ዓምድ ከሆነና ጽሑፉ በግድየለሽነት ከወጣ፣ የሁለት ማስታወቂያ መስመሮች እርስ በርስ ይሰፋሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የተሰፋው ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ትርጉም ያለው መምሰሉ ነው። ለምሳሌ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ዓምዶች ላይ የሚከተለው ተጽፏል እንበል፦

```
የጨረታ ማስከበሪያ 50,000 ብር     ሰነዱን በ300 ብር
በሲፒኦ ማስያዝ የሚችል          ገዝቶ መውሰድ ይችላል
```

ይህ በመስመር ሲነበብ «የጨረታ ማስከበሪያ 50,000 ብር ሰነዱን በ300 ብር በሲፒኦ ማስያዝ የሚችል» ይሆናል። ቸኩሎ ያነበበ ሰው ማስከበሪያው 300 ብር ነው ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

የስሕተቱ ምንጭ የፒዲኤፍ አሠራር ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ «ዓምድ» ወይም «አንቀጽ» የሚባል ነገር መኖሩ ግዴታ አይደለም፤ በመሠረቱ ያለው እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የት ቦታ እንደሚቀመጥ የሚናገር መመሪያ ብቻ ነው። የፊደሎቹ ተራ ደግሞ ገጹን ያቀናበረው ፕሮግራም በጻፈበት ቅደም ተከተል እንጂ ሰው በሚያነብበት ቅደም ተከተል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያወጣ ማንኛውም መሣሪያ ዓምዶቹን የሚለየው በግምት ነው። እዚህ የማሳየው ዘዴ ግምቱን ከመሣሪያው ነጥቆ የዓምዶቹን ወሰን እኛው እንድንነግረው ያደርጋል።

መጀመሪያ ፋይሉ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ። ፒዲኤፉን ከፍተው አንድ መስመር በመዳፊት ይምረጡና ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ይለጥፉት። የተለጠፈው ንጹሕ አማርኛ ከሆነ ይቀጥሉ። ምንም የማይመረጥ ከሆነ ገጹ የተቃኘ ፎቶ ነው፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ይለፉ። የተለጠፈው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ከሆነ ግን ጋዜጣው የተሠራው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግእዝ ፎንት ነው፤ ያንን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም ገጹን እንደ ፎቶ ቆጥሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

መሣሪያው `pdftotext` ይባላል። ነፃ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ `sudo apt install poppler-utils` ብለው ይጭኑታል። በኢንተርኔት ላይ ፒዲኤፍን ወደ ወርድ የሚቀይሩ ገጾች ሞልተዋል፤ እኔ ለጋዜጣ አልመክራቸውም። የሚያወጡት ፋይል በብዙ ትንንሽ የጽሑፍ ሣጥኖች የተሞላ ስለሚሆን ለዓይን ዋናውን ቢመስልም ጽሑፉ ሲገለበጥ ተራው ያው የተዘበራረቀ ነው።

`pdftotext` ያለ ምንም ተጨማሪ ትዕዛዝ ሲሠራ ዓምዶቹን ለይቶ በንባብ ተራ ለማውጣት ይሞክራል። ለመጽሔትና ባለሁለት ዓምድ ለሆነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ጋዜጣ ላይ የሚሰናከለው በዓምዶች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ፣ በአንጻሩ ደግሞ ዳርና ዳሩ እኩል እንዲሆን በተዘረጋ ጠባብ ዓምድ ውስጥ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት አንዳንዴ ሰፊ ስለሚሆን ነው። መሣሪያው አንዱን ከሌላው አይለይም። `-layout` የሚለው ትዕዛዝ ገጹን እንዳለ ስለሚያስቀምጥ መስመሮቹን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ከላይ ያየነው የ300 ብር ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። `-raw` የፋይሉን የውስጥ ተራ ይከተላል፤ አንዳንድ ጊዜ ፍጹም ትክክል ይሆናል፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ መጨረሻ ላይ የተጨመረች ማስታወቂያ ዜናውን መሐል ለመሐል ልትሰነጥቀው ትችላለች። ስለዚህ ሦስቱንም በሙሉ ገጽ ላይ አላምናቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ፤ እሱም ልኬት ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ ርቀት የሚለካው በነጥብ ሲሆን አንድ ኢንች 72 ነጥብ ነው። ገጹን በኢንች 72 ፒክሰል አድርገን ወደ ምስል ብንቀይረው አንድ ፒክሰል ልክ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ያኔ ምንም ማባዛትና ማካፈል ሳያስፈልግ ከምስሉ ላይ ያነበብነውን ቁጥር በቀጥታ መጠቀም እንችላለን።

```
pdftoppm -r 72 -f 5 -l 5 -png gazeta.pdf page
```

ይህ ገጽ 5ን ወደ ምስል ይቀይራል። ምስሉን በጂምፕ ወይም የመዳፊቱን ቦታ በቁጥር በሚያሳይ ሌላ የምስል ፕሮግራም ይክፈቱት። ፊደሉ ደብዝዞ ይታያል፤ አይጨነቁ፣ የምንፈልገው ነጩን ክፍተት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከላይ በግራ ጥግ ከዜሮ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ያለውን ርቀት ይነግራል።

አንድ ገጽ በዝርዝር እንሥራ። የገጹ መጠን ኤ3 ነው፤ ማለትም ወርዱ 842፣ ቁመቱ 1191 ነጥብ ነው። ከላይ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ርዕስ አለ፤ እስከ 150 ይወርዳል። ከሥሩ አራት ዓምዶች አሉ። የመጀመሪያው ዓምድ ከ36 ጀምሮ 218 ላይ ያበቃል፤ ሁለተኛው 232 ላይ ይጀምራል። የምንቆርጠው በክፍተቱ መሐል ስለሆነ የመጀመሪያው መቁረጫ 225 ነው። ዓምዶቹ እኩል ከሆኑ ቀሪዎቹን መለካት አያስፈልግም፤ ከአንዱ ዓምድ መነሻ እስከ ሌላው መነሻ 196 ነጥብ ስለሆነ በ225 ላይ 196 እየደመሩ 421 እና 617 ያገኛሉ። ቁጥሮቹን ምስሉ ላይ ወስደው ክፍተቱ መሐል መዋላቸውን በዓይን ብቻ ያረጋግጡ። መቁረጫው ፊደል ላይ ካረፈ የመስመር መጨረሻ ፊደሎች ሊጠፉ ወይም በሁለቱም ዓምድ ሊደገሙ ይችላሉ።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ይመጣል። በዚህ ገጽ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓምድ ግርጌ፣ ከ700 ጀምሮ፣ ሁለቱንም ዓምድ የያዘ የጨረታ ማስታወቂያ በሣጥን ተቀምጧል። ዓምዶቹን ከላይ እስከ ታች በቀጥታ ከቆረጥናቸው ማስታወቂያው ለሁለት ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ መስመር ግማሽ በሦስተኛው፣ ግማሹ በአራተኛው ዓምድ ይወጣል። ዜናው ግን ሣጥኑን ዘሎ ነው የሚሄደው፤ ሦስተኛው ዓምድ 700 ላይ ሲያበቃ ወደ አራተኛው ዓምድ አናት ይሻገራል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ገጹን እንደ አንባቢ ማየት ያስፈልጋል፦ ዓይን ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ወርደ ሰፊ የሆነ ርዕስ፣ ፎቶ ወይም ሣጥን ባለበት ሁሉ በቅድሚያ በአግድም፣ ከዚያ በቁም ይቆረጣል። እኔ ምስሉን በወረቀት አትሜ ክፍሎቹን በእስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3 እያልኩ እቆጥራለሁ፤ ከየትኛውም ፕሮግራም ይሻለኛል።

በተቆጠረው ተራ መሠረት ትዕዛዙ እንዲህ ይሆናል፦

```
f=gazeta.pdf
kuret() {
  pdftotext -layout -nopgbrk -f 5 -l 5 \
    -x $1 -y $2 -W $3 -H $4 $f - | tr -s ' '
}
kuret 0   0   842 150 >  out.txt
kuret 0   150 225 990 >> out.txt
kuret 225 150 196 990 >> out.txt
kuret 421 150 196 550 >> out.txt
kuret 617 150 225 550 >> out.txt
kuret 421 700 421 440 >> out.txt
```

አራቱ ቁጥሮች በተራ ከግራ ያለው ርቀት፣ ከላይ ያለው ርቀት፣ ወርድና ቁመት ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው የመጨረሻ ነጥብ ሳይሆኑ መጠን መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ቅድም ያማሁትን `-layout` እዚህ መልሼ ያመጣሁት በምክንያት ነው፦ አንድ ዓምድ ብቻ ከሆነ የሚሰፋበት ጎረቤት የለውም፣ በቃላት መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተትም እንደ አዲስ ዓምድ አይቆጥረውም። የሚተወውን ትርፍ ክፍት ቦታ `tr -s ' '` ወደ አንድ ይቀንሰዋል። ከ1140 በታች ያለውን የገጽ ቁጥር ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ጽሑፉ ሙሉ መሆኑን ለማወቅ የፊደሎቹን ብዛት ማነጻጸር ይበቃል፦

```
pdftotext -layout -f 5 -l 5 -x 0 -y 0 -W 842 -H 1140 \
  gazeta.pdf - | tr -d ' \n\f' | wc -m
tr -d ' \n' < out.txt | wc -m
```

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ካነሰ አንድ ክፍል ተረስቷል ወይም ዳር ላይ ያለ ፊደል ተቆርጧል፤ ከበለጠ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ይህ ግን ተራውን አያረጋግጥም። ተራውን ለማየት መጋጠሚያዎቹን ብቻ ያንብቡ፦ የአንደኛው ዓምድ የመጨረሻ መስመር በአራት ነጥብ ካልተዘጋ፣ ዓረፍተ ነገሩ በሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያ መስመር መቀጠል አለበት። በስድስት ክፍል ውስጥ መጋጠሚያው አምስት ብቻ ስለሆነ ደቂቃ አይፈጅም። መጋጠሚያው ላይ የተከፈለ ቃል ካለ በእጅ ያገናኙት፤ በጠባብ ዓምድ አማርኛ ቃል ያለ ሰረዝም ሊከፈል ስለሚችል ይህን ለማሽን መተው አያዋጣም።

ተመሳሳይ ጋዜጣ ደጋግመው የሚሠሩ ከሆነ የዓምዶቹን መቁረጫ ቁጥሮች ያስቀምጡ፤ በየእትሙ የሚለወጠው የርዕሱና የሣጥኖቹ ከፍታ ነው። ሆኖም የግራና የቀኝ ገጽ የውስጥ ኅዳግ ሊለያይ ስለሚችል ለጎዶሎና ለሙሉ ቁጥር ገጾች ለየብቻ ይለኩ።

ገጹ የተቃኘ ፎቶ ከሆነም ልኬቱ ከንቱ አይቀርም። `pdftoppm` እነዚያኑ አራት ትዕዛዞች ይቀበላል፤ ለንባብ የሚሆነው ጥራት በኢንች 300 ፒክሰል ስለሆነ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በ300 አባዝተው ለ72 ያካፍሉ። ሁለተኛው ዓምድ ለምሳሌ እንዲህ ተቆርጦ፣ ከምስል ላይ ፊደል በሚያነበው `tesseract` በተባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፦

```
pdftoppm -r 300 -f 5 -l 5 -x 938 -y 625 -W 817 -H 4125 -png gazeta.pdf amd2
tesseract amd2-05.png amd2 -l amh --psm 4
```

የምስሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር እንደ ፋይሉ የገጽ ብዛት `5` ወይም `05` ሊሆን ይችላል። የአማርኛው የንባብ ፋይል `tesseract-ocr-amh` በሚል ስም ለብቻው ይጫናል። የሚወጣው ጽሑፍ ተራው ቢስተካከልም ፊደሉ ላይ ይስታል፤ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ቢያንስ የብሩን መጠን፣ ቀኑንና የስልክ ቁጥሩን ከምስሉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።