ራስፕቤሪ ፓይ አልነሳ ሲል፦ መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ከዚያ ካርዱን

መብራት ሄዶ መጣ። ቴሌቪዥኑ በራ፣ ዋይፋዩም ተመለሰ። ራስፕቤሪ ፓዩ ግን ዝም ብሏል። ቀዩ መብራት በርቷል፤ አረንጓዴው አንዴ ሁለቴ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ስክሪኑም ባዶ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል። ይሠራለታልም። ችግሩ ካርዱን ያበላሸው ቻርጀሩ ከሆነ አዲሱም ሲስተም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል ትንሽ ይለያል፦ ቦርዱ፣ ቻርጀሩ፣ በካርዱ ላይ ያለው ፋይል፣ በመጨረሻ ሲስተሙን እንደገና መጫን። ምሳሌያችን ራስፕቤሪ ፓይ 4 ነው።

1. ቦርዱ ደህና መሆኑን እዩ

ኤሌክትሪኩን ንቀሉ። ካርዱን፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ካለም እሱን ሁሉ አውጡ። ፓይ 4 ሁለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው፤ ስክሪኑን ከቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ ባለው ላይ ሰኩና ያለ ካርድ አብሩት። ስለ ቦርዱ መረጃ የሚዘረዝር ጽሑፍ ከመጣ ቦርዱ ጤነኛ ነው። እፎይ በሉ፤ ጥርጣሬው ወደ ካርዱና ወደ ቻርጀሩ ዞሯል።

ምንም ካልመጣ ቦርዱ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ፓይ 4 ማስነሻውን የሚይዘው ቦርዱ ላይ በተበየደ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው፤ እሱም ሊበላሽ ይችላል። በኋላ በምናወርደው Raspberry Pi Imager ውስጥ Misc utility images ከዚያም Bootloader የሚል አለ። እሱን በሌላ ካርድ ላይ ጻፉና ፓዩን በዚያ አብሩት። አረንጓዴው መብራት ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለና ስክሪኑ አረንጓዴ ከሆነ ቺፑ ተስተካክሏል።

አሁን የተጠረጠረውን ካርድ መልሳችሁ ክተቱና አረንጓዴውን መብራት ቁጠሩ። አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ አረፍ፣ ከዚያም ደግሞ አራት ከሆነ start የሚባለው የማስነሻ ፋይል አልተገኘም። ሰባት ከሆነ የጠፋው ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፋይል ነው። ሁለቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት ካርዱ ላይ ነው። ጽሑፍ መውረድ ጀምሮ Kernel panic ላይ ከቆመ ደግሞ የመጀመሪያው የካርዱ ክፍል ደህና ሆኖ ሲስተሙ ያለበት ሁለተኛው ሳይጎዳ አልቀረም።

2. ቻርጀሩና ኬብሉ

ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። የስልክ ቻርጀር ላይ «ፋስት ቻርጅ 18 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ አትመኑት። ጀርባውን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ያ 18 ዋት በ9 ቮልት የሚገኝ ነው፤ ፓይ 4 ደግሞ 9 ቮልት አይጠይቅም። 5V ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2A ከሆነ ያላችሁ 10 ዋት ብቻ ነው።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ኬብሉ ጉድ የሚሠራበት ጊዜም አለ። ረጅምና ቀጭን ኬብል መንገድ ላይ ቮልቴጁን ይበላዋል። ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ከ4.63 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ቀዩ መብራት ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል፤ ስክሪን ካለ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይመጣል። አጭርና ወፈር ያለ ኬብል ምረጡ። በ2019 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ፓይ 4ዎች አንዱ ካላችሁ ግን ከአንዳንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ኬብሎች ጋር አይግባባም፤ ጭራሽ ኤሌክትሪክ አያገኝም። በሌላ ኬብል ሞክሩ።

ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዴት ያበላሻል? ሚሞሪ ካርድ ውስጥ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግብ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ። ካርዱ አንድ ፋይል ሲያድስ በዙሪያው ያለውንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ወይም ከወረደ መዝገቡ ራሱ ይዛባል። ማንም ያልነካው ፋይል የሚጠፋው ለዚህ ነው።

3. ፋይላችሁን አትርፉ

ካርዱን በሪደር ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ ካርዱ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። Cancel በሉ። ሁለተኛው ክፍል የተሠራው ለሊኑክስ ስለሆነ ጤነኛ ካርድም ቢሆን ዊንዶውስ ይህንኑ ይጠይቃል።

የሚያሳሳ ፋይል ካለበት ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ፈልጉ። ስለ ጥገና ከማሰባችሁ በፊት የካርዱን ሙሉ ቅጂ አውጡ፦

```
lsblk
sudo ddrescue -d /dev/sdb pi4.img pi4.map
```

`lsblk` የካርዱን ስም ያሳያችኋል። በመጠኑ ለዩት። እዚህ `sdb` ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ የኮምፒውተሩን ዲስክ ስም እንዳትጽፉ። ቅጂው ካለቀ በኋላ ጥገና መሞከር ይቻላል፦

```
sudo umount /dev/sdb2
sudo fsck -f /dev/sdb2
```

አንዳንዴ ይህ ብቻውን ፓዩን ያስነሳዋል። እኔ ግን ፋይሉን ለማውጣት ብቻ ነው የምጠቀምበት። የቱ ፋይል እንደተጎዳ ሳይታወቅ በዚያው ሲስተም መቀጠል አያስተማምንም።

4. ሲስተሙን እንደገና መጻፍ

Raspberry Pi Imager ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ክፈቱት፤ የቦርዱን ዓይነት፣ ሲስተሙንና ካርዱን ምረጡ። ኢንተርኔት የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ የሲስተሙን ኢሜጅ አንዴ አውርዳችሁ አስቀምጡና Use custom በሚለው ስጡት፤ ሁለተኛ ማውረድ አያስፈልግም።

ከመጻፉ በፊት የሚመጣውን የቅንብር ገጽ አትዝለሉት። የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ዋይፋይ የሚሞላው እዚያ ነው። ከ2022 ወዲህ pi የሚባለው የተለመደ ስም ከነይለፍ ቃሉ ቀርቷል። ያለ ስክሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ካልሞላችሁ ፓዩ ቢነሳም መግባት አትችሉም።

መጻፉ ሲያልቅ ማረጋገጥ ይጀምራል። ሰዓት ለመቆጠብ ብላችሁ አታቋርጡት፤ ካርዱን የሚያጋልጠው ይህ ደረጃ ነው። ያረጀ ካርድ መጻፍ አቁሞ ማንበብ ብቻ ሊቀረው ይችላል። ጽሑፉን የተቀበለ ይመስላል፤ ነቅላችሁ ስትሰኩት የድሮው ፋይል እንዳለ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለውን ካርድ ፎርማት አያድነውም፤ ጣሉት።

አዲስ የገዛችሁትም ቢሆን ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፦ ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። በሊኑክስ `f3write` እና `f3read`፣ በዊንዶውስ ደግሞ H2testw እስከ ጫፍ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ሲስተሙን ከመጻፋችሁ በፊት ባዶውን ካርድ በዚህ ፈትኑት።

5. ከተነሳ በኋላ

ፓዩ ሲነሳ ወዲያው አትመኑት። ሃርድ ዲስኩንም ካሜራውንም ሰካክታችሁ ሥራ አስይዙትና ይህን ጠይቁት፦

```
vcgencmd get_throttled
```

መልሱ `throttled=0x0` ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው። `0x50005` ካለ ቮልቴጁ አሁንም ወርዷል፣ ፓዩም ፍጥነቱን ቀንሷል። `0x50000` ደግሞ አሁን ደህና ነው፣ ከበራ ወዲህ ግን ወርዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ካያችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ኬብሉን ብቻ ቀይራችሁ ዳግም አስነሱና እንደገና ጠይቁ፤ `0x0` ካልመጣ ቻርጀሩን ቀይሩ።

ቻርጀሩ ምንም ጥሩ ቢሆን መብራት መጥፋቱን አያስቀርም። ፓዩ ካርዱ ላይ መጻፍ የማያስፈልገው ሥራ ካለው፣ ለምሳሌ ስክሪን ላይ ማስታወቂያ የሚያሳይ ከሆነ፣ `sudo raspi-config` ውስጥ Overlay File System የሚለውን አብሩ። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ይቀራል፣ ካርዱ አይነካም። ሲጠፋ ግን አዲስ ያስቀመጣችሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ፋይል ለሚያከማች ፓይ አይሆንም፤ ለእሱ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙለት፣ ስታጠፉትም ከመንቀላችሁ በፊት `sudo poweroff` በሉ።